በእጅ አንጓ ጀርባ ላይ የወጣ ለስላሳ እብጠት፦ መቼ ይተዋል፣ መቼ ይታከማል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 26 ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው ሥራዬ። ከስምንት ወር በፊት በቀኝ እጄ አንጓ ጀርባ ላይ አተር የምታክል ለስላሳ ነገር ወጣች፤ አሁን ብይ ታክላለች። አንዳንድ ሳምንት ትተልቃለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ታንሳለች። ወጌሻ ‹ጅማትሽ ዞሯል› ብሎ ሁለት ጊዜ አሸልኝ፤ መጀመሪያ ጠፍታ ነበር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ጎረቤቴ በወፍራም መጽሐፍ ትመታ ትላለች። አንድ ክሊኒክ ስሄድ ‹እጢ ነው፣ ዛሬውኑ እናውጣው› አሉኝ። ሊጥ ሳሽና መሬት ተደግፌ ስነሳ ያመኛል፤ ሌላ ጊዜ ምንም አይለኝም። ካንሰር ይሆን? ይውጣ ወይስ ይቅር?»

ምላሽ፦ ቦታው፣ ልስላሴው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዴ መተለቁ አንዴ ማነሱ፣ በሕክምና ጋንግሊየን ወደሚባለው እብጠት ያመለክታል። ጋንግሊየን ካንሰር አይደለም፤ ቢቆይም ወደ ካንሰር አይለወጥም። ካንሰር በዚህ ሳምንት አብጦ በሚቀጥለው ሳምንት አይሟሽሽም። ያስደነገጠዎት ቃሉ ሳይሆን አይቀርም። እኛ በአንገት ላይ የሚያብጠውንም፣ ጡት ላይ የሚወጣውንም፣ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ስብንም፣ ይህንንም ሁሉ በአንድ ስም «እጢ» እንላለን። የእርስዎ ግን በውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ በእጅና በእጅ አንጓ ላይ ከሚወጡ እብጠቶች ሁሉ በብዛት የሚታየውም እሱ ነው። ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ይበዛል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይታያል።

ከየት እንደሚመጣ ካወቁ የወጌሻው እጅ ለምን ለሦስት ሳምንት ብቻ እንደሠራ ይገባዎታል። የእጅ አንጓ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች አሉት። በመጀመሪያው ረድፍ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለቱን፣ ስካፎይድና ሉኔት የሚባሉትን፣ አጭርና ጠንካራ ጅማት አያይዟቸዋል። በአንጓ ጀርባ ላይ የሚወጣው ጋንግሊየን አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ እዚያ ጅማት ላይ ነው። ከጅማቱና ከመገጣጠሚያው ሽፋን ቀጭን አንገት ይወጣና በጣት ማንሻ ጅማቶች መካከል ሾልኮ ከቆዳ ሥር ይነፋል። ከላይ የሚያዩት ብይ፣ ከታች አንገትና ሥር ያለው ነገር ጫፍ ብቻ ነው።

በውስጡ ያለው ውሃ አይደለም። የተዘፈዘፈ ተልባ እንደሚያወጣው ልጋግ የሚጎተት፣ ንጹሕና ወፍራም ፈሳሽ ነው። አንገቱ እንደ በር ይሠራል፤ ፈሳሹን ወደ ከረጢቱ ያሳልፋል፣ ሲመለስ ግን አይከፈትም። እጅ ብዙ የዋለ ሳምንት ከረጢቱ ይሞላል፤ እጅ ሲያርፍ ከፈሳሹ ውስጥ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሰውነት ይመለሳልና ይቀንሳል። ፈሳሹ ከመገጣጠሚያው ተገፍቶ የሚወጣ ነው ወይስ ራሱ የጅማቱ ሕብረ ሕዋስ እየላላ የሚያመነጨው ነው በሚለው ላይ ሐኪሞች ዛሬም አንድ አይደሉም። ለሕክምናው የሚያስፈልገን ግን ይህ ብቻ ነው፦ ሥሩ እስካለ ድረስ ከረጢቱ ባዶ ቢሆንም እንደገና ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ ጅማትዎ አልዞረም። ጅማት ከቦታው ዞሮ ኳስ አይሠራም፤ ቢበጠስ ወይም ከመስመሩ ቢወጣ ጣትዎን ማንሳት ያቅትዎት ነበር። ወጌሻው አጥብቆ ሲያሽ ከረጢቱ ፈነዳ፣ ልጋጉ ከቆዳ ሥር ተበተነ፣ ሰውነትዎም መጠጠው። ግድግዳው ሲድን አንገቱ እንደነበረ ስለሆነ እንደገና ሞላ። በመጽሐፍ መምታትም የሚሠራው ይህንኑ ነው። አውሮፓ ውስጥም በቤት ባለው ትልቅ መጽሐፍ መምታት የቆየ ልማድ ነበር። ልዩነቱ መጽሐፉ እብጠቱን ብቻ ለይቶ አለመምታቱ ነው፤ ከሥሩ ያሉት አጥንቶች ትናንሽ ናቸው፣ በላዩ የሚያልፉት የስሜት ነርቮችም ከቆዳ ሥር ወዲያው ያሉ ናቸው። አንድ ምት ስብራት ወይም በአውራ ጣት ጀርባ ላይ ወራት የሚቆይ መደንዘዝ ሊያስከትል ይችላል። መታሸቱን ያቁሙ፤ መመታቱን አያስቡት። በጋለ ብረት መተኮስ፣ በምላጭ መብጣት ወይም የሚያቃጥል ቅጠል ማሰር ደግሞ ከሁለቱም የከፉ ናቸው። ያ ከረጢት ከመገጣጠሚያ ጋር የተገናኘ ነውና በቆዳው ቁስል የገባ ጀርም በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው መንገድ ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለመታከም ከመቸኮል በፊት እብጠቱ በእርግጥ ጋንግሊየን መሆኑ ይረጋገጥ። ሦስት ነገሮችን ቤትዎ ሆነው ማየት ይችላሉ፤ የሐኪምን ምርመራ አይተኩም፣ ግን ምን ያህል መቸኮል እንዳለብዎት ይነግሩዎታል።

መጀመሪያ እጅዎን ወደ መዳፍ በኩል አጥፈው ይመልከቱ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቀልብሰው ይመልከቱ። ጋንግሊየን ሲታጠፍ ጉልህ ብሎ ይወጣል፣ ሲቀለበስ ይደበቃል። ቆዳው በላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ እብጠቱ ግን ከታች የተተከለ ነውና እንደ ልብ ወዲያ ወዲህ አይልም። ሁለተኛ፣ አንጓዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ሳያንቀሳቅሱ ጣቶችዎን ብቻ ይዘርጉና ይጨብጡ። እብጠቱ ባለበት ከቆመ ጥሩ ነው። ከጣቶቹ ጋር ወደ ክንድና ወደ ጣት የሚመላለስ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው በጣት ማንሻ ጅማቶች ሽፋን ላይ ነው፤ ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሦስተኛ፣ ማታ መብራት አጥፍተው የስልክዎን መብራት ከእብጠቱ ጎን ቆዳው ላይ ለጥፈው ያብሩ። ፈሳሽ የያዘ ከረጢት እንደ ፋኖስ ቀላ ብሎ ይበራል፤ ጠጣር ሥጋ ግን ጥላ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ፈተና ድክመት ስብ የሆነ እብጠትም ትንሽ ብርሃን ማሳለፉ፣ ግድግዳው የወፈረ ጋንግሊየንም አንዳንዴ ብርሃን መከልከሉ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሲስማሙ ነው መተማመን የሚቻለው።

ብዙ ሰው ጥንካሬን እንደ መጥፎ ምልክት ያያል። ይህ ስህተት ነው። ጢም ብሎ የሞላ ጋንግሊየን እንደ አጥንት ይጠነክራል፤ ኳስ በደንብ ሲነፋ እንደሚጠነክር ማለት ነው። ልስላሴም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከልስላሴና ከጥንካሬ ይልቅ የሚናገረው የእብጠቱ አካሄድ ነው፦ ከፍ ዝቅ ይላል ወይስ አንድም ቀን ሳይቀንስ ያድጋል? አንድ ቦታ ላይ ይቆያል ወይስ ይረዝማል?

እርስዎ የስፌት ሜትር እጅዎ ላይ ስለሆነ ይጠቀሙበት። በወር አንድ ቀን፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ፣ እጅዎን ወደ መዳፍ አጥፈው ርዝመቱንና ስፋቱን ለክተው ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ብይ የምታክል ከሆነ 1.5 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የአንጓ ጀርባ ጋንግሊየን አብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። በተከታታይ ሦስት ልኬት ላይ አንድም ጊዜ ሳይቀንስ ካደገ፣ ወይም ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከተጠጋ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካመጣ ምርመራው ሳይዘገይ ይደረግ። ይህን ማስታወሻ ለሐኪሙ ካሳዩት «ትልቅ ሆነብኝ» ከማለት ብዙ ይረዳዋል።

አሁን ከጣት ጋር ስለሚመላለሰው። በአንጓ ጀርባ ላይ የሚያብጥ ሁሉ ጋንግሊየን ነው ብሎ መደምደም እኛ አገር ላይ በተለይ አደገኛ የሚሆነው በቲቢ ምክንያት ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይነካም፤ የጅማት ሽፋን ውስጥ ገብቶ ወራት የሚፈጅ፣ ብዙም የማያም፣ ለስላሳ እብጠት ሊሠራ ይችላል። እብጠቱ እንደ ብይ ክብ ሳይሆን በጅማቶቹ መስመር ረዘም ያለ ነው፤ ጣት ሲንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴ ሲነኩት የሩዝ ፍሬ የያዘ ከረጢት የነኩ ይመስላል። በእርግጥም ሲከፈት ሩዝ የሚመስሉ ነጫጭ ፍሬዎች ይወጡበታል። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ እነዚህ ሁሉ ባይኖሩም ግን አይሰረዝም። እንዲህ ያለውን እብጠት «እጢ ነው» ብሎ ከፍቶ ናሙና ሳይልኩ መስፋት በሽታውን ይደብቀዋል፤ ብግነት የሚያስታግሰውን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት መውጋት ደግሞ ያባብሰዋል። የአንጓ ብግነት በሽታ፣ ሩማቶይድ የሚባለው፣ ተመሳሳይ መልክ ያለው እብጠት ያመጣል፤ እሱ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እጆች ይይዛል።

ክሊኒኩ «ዛሬውኑ» ማለቱን የምቃወመውም ለዚህ ነው። ቀላል ነገርን በአስቸኳይ ማውጣት ምንም የሚያድነው ነገር የለም፤ ያልተመረመረ እብጠትን መክፈት ግን ሊጎዳ ይችላል። ምርመራው ውድ ወይም ረጅም አይደለም። ልምድ ያለው ሐኪም ዳስሶ፣ በብርሃን አይቶ አብዛኛውን ይለያል። የሚያጠራጥር ነገር ካለ አልትራሳውንድ ፈሳሽ መሆኑን፣ አንገቱ ወዴት እንደሚሄድና በአጠገቡ የደም ሥር መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ራጅ ጋንግሊየንን አያሳይም፤ ከመካከለኛው ወይም ከሌባ ጣት ሥር ያለ፣ ጭራሽ የማይንቀሳቀስ አጥንት መሰል ጉብታ ሲሆን ወይም የቆየ ስብራት ሲጠረጠር ብቻ ይታዘዛል።

ምርመራው ጋንግሊየን ነው ካለ፣ መታከም ያለበት መቼ ነው? ሕመም የሌለው፣ እጅን የማያግድ፣ ባለቤቱን በመልኩ የማያስጨንቅ ጋንግሊየን ሕክምና አያስፈልገውም። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ ካልተነኩት ገደማ ግማሾቹ በዓመታት ውስጥ በራሳቸው ይጠፋሉ። ልጆች ላይ ሲወጣማ በራሱ የመጥፋት ዕድሉ ከዚህም ስለሚበልጥ መታገስ ይገባል። ለሕክምና የሚያበቁት ሁለት ምክንያቶች ናቸው ብል አልሳሳትም፦ ሥራን ወይም የቤት ጉዳይን የሚያስተጓጉል ሕመም፣ እና ነርቭ መጫኑን የሚያሳይ መደንዘዝ ወይም የጣት መድከም። ሁለተኛው ሲኖር አይጠበቅም። መልኩ ብቻ ያስጨነቀውም ሰው መታከም ይችላል፤ ግን እብጠትን በጠባሳ እየለወጠ መሆኑን አውቆ ይግባበት።

የእርስዎ ሕመም በመካከል ያለ ነው፦ መዳፍዎን ተክለው ክብደት ሲጭኑበት ብቻ። ይህ የሚሆነው እጅ ወደ ኋላ ሲቀለበስ የከረጢቱ ሥር በአጥንቶቹና በመገጣጠሚያው ሽፋን መካከል ስለሚቆነጠጥ ነው፤ እዚያው በኩል የሚያልፍ ትንሽ የስሜት ነርቭም አለ። የሕመሙ መጠን ከእብጠቱ መጠን ጋር አይሄድም፤ ከላይ ጭራሽ የማይታይ፣ ምስር የሚያክል ጋንግሊየን ከትልቁ ይልቅ ሊያሠቃይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ያንን መቆንጠጥ መቀነስ ነው። ከመሬት ሲነሱ በመዳፍዎ ሳይሆን አንጓዎን ቀጥ አድርገው በተጨበጠ እጅ ወይም በግራ እጅዎ ይደገፉ፤ ከሶላት ወይም ከስግደት ሲነሱም እንዲሁ። ሊጥ ሲያሹ በመዳፍ ሥር ከመግፋት በጡጫ ይጫኑ። ስፌት ላይ ወንበርዎን ከፍ ያድርጉት፤ ክርንዎ ከማሽኑ ጠረጴዛ ዝቅ ብሎ ከሆነ ጨርቁን የሚገፉት እጅዎን ወደ ኋላ ቀልብሰው ነው ማለት ነው። ስፌት ጋንግሊየንን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ያለውን ግን ያሳምመዋል።

ከዚህ ጋር ከፋርማሲ የሚሸጥ፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ለሦስት ሳምንት ሌሊትና ከባድ ሥራ ላይ ብቻ ያድርጉ። ቀኑን ሙሉ ለወራት ማድረግ መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል። ያመመ ሰሞን አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ምግብ በልተው በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ከአምስት ቀን ላልበለጠ መውሰድ ይቻላል፤ እርጉዝ ከሆኑ፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት ይቅር። መደገፊያውም ኪኒኑም ከረጢቱን አያጠፉም። ሥራቸው ሕመሙን ማስታገስ ነው፤ ሕመሙ ከሄደ ደግሞ የሕክምናው ጉዳይ ያበቃል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ካልለቀቀ የሚቀጥለው በመርፌ መምጠጥ ነው። ቆዳው በጸረ ጀርም ይጸዳል፣ ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ በትንሹ ይወጋል፣ ከዚያ ሰፊ መርፌ፣ ቁጥር 18 ወይም 16፣ ይገባል። ተራው የክትባት መርፌ አይሆንም፤ ልጋጉ በጠባብ ቀዳዳ አይሳብም፤ «ሞከርነው፣ ምንም አልወጣም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ብይ ከሚያክል እብጠት የሚወጣው አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ በሐኪሙ ጣት እየተጨመቀ ነው የሚወጣው። የወጣውን ይመልከቱ፦ ጥርት ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጄል ከሆነ ምርመራው ተረጋገጠ። ደፍራሽ፣ መግል መሰል ወይም ፍሬ ያለበት ከሆነ አይጣል፤ ለጀርምና ለቲቢ ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ከዚያ ተጫን ብሎ በፋሻ ይታሰርና ሁለት ቀን ይቆያል።

ገደቡን ይወቁ፤ በመርፌ ከተመጠጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይመለሳሉ፤ አንገቱና ሥሩ አልተነኩምና። ግን ጣጣው ትንሽ የሆነ ሕክምና ነው፤ ቢመለስም አንዳንዴ ሕመም ሳይኖረው ይመለሳል። ከተመጠጠ በኋላ ስቴሮይድ መጨመር መመለሱን እንደሚቀንስ አልታየም። እኛ ቆዳ ላይ ደግሞ የሚተወው ነገር ጎልቶ ይታያል፦ መርፌው የገባበት ዙሪያ ይነጣል፣ ከሥሩ ያለው ስብ ሳስቶ ይጎደጉዳል፤ ለመልክ ብሎ የገባ ሰው በእብጠት ፋንታ ነጭ ጉድጓድ ይዞ ይወጣል። ስቴሮይድ ይጨመር ሲባሉ አልፈልግም ይበሉ። መርፌውን ራስዎ ወይም ጎረቤት ቤት አይሞክሩት። ከመምጠጡ በኋላ ባሉት ቀናት አንጓዎ ቀልቶ ከጋለ፣ ከጠዘጠዘ፣ ሊያንቀሳቅሱት ካቃተዎት ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ፤ የተመረዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ይበላሻል።

አንድ ቦታ ግን መርፌ በጭፍን አይገባም። እብጠቱ በአንጓ ጀርባ ሳይሆን በመዳፍ በኩል፣ በአውራ ጣት ሥር፣ የልብ ምት በሚለካበት አካባቢ ከሆነ ትልቁ የእጅ ደም ሥር አጠገቡ ወይም በላዩ ተጠምዞ ይገኛል። እዚያ ያለው እብጠት ራሱ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ጋንግሊየን ላይሆን ይችላል፤ መርፌ ማስገባት የሰፋ የደም ሥርን መውጋት ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ጀርባው ላይ ስለሆነ ይህ ስጋት የለብዎትም፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ልዩነቱን ይወቅ።

ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ ሲሠራ ግን በትክክል ይሠራ። ክሊኒኩ በሃያ ደቂቃ ሊያወጣው ያሰበው ምናልባት የሚታየውን ብይ ነው። ብዩን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ከመርፌው ብዙም አይሻልም፤ ጠባሳ ተጨመረበት እንጂ። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ ክንድ ላይ ደም የሚያቆም ማሰሪያ ይደረጋል፤ ደም በሞላበት ቦታ ቀጭን አንገትን ተከትሎ መውረድ አይቻልምና። በቆዳው እጥፋት መስመር አግድም ይቀደዳል፣ የስሜት ነርቮች ተለይተው ይገፋሉ፣ የጣት ማንሻ ጅማቶች በጎንና በጎን ይያዛሉ፣ ከረጢቱ እስከ መገጣጠሚያው ሽፋን ይከተሉታል። ከዚያ ሥሩ ከበቀለበት የሽፋኑ ክፍል ትንሽ ዙሪያ አብሮ ይነሳል፤ ከሥር ያለው የሁለቱ አጥንቶች ጅማት ግን ሳይነካ ይቀራል። ያ ጅማት ከተቆረጠ አጥንቶቹ ይለያያሉ፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ከጋንግሊየኑ ጋር የማይወዳደር ችግር ነው። ለዚህ ነው ሥራው የአጥንት ወይም የእጅ ቀዶ ሐኪም እጅ የሚፈልገው።

በደንብ ተሠርቶም የመመለስ ዕድል አለው፤ ጥናቶች ሲደመሩ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ። ሌላው ዋጋ ጠባሳ ነው፤ ጆሮዎን የተበሱበት ወይም ሌላ ቁስል ጎልቶ ያበጠ ጠባሳ ትቶብዎት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ እዚህም ሊደገም ይችላል። በጠባሳው ዙሪያ መደንዘዝና እጅን ወደ መዳፍ ማጠፍ ትንሽ መቀነስም ያጋጥማሉ። ሁለተኛውን ለመከላከል ፋሻው እንደቀለለ፣ ሐኪሙ እንደፈቀደ፣ አንጓውን ማንቀሳቀስ ይጀመራል። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። ቀላል ሥራ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይቻላል፤ ሊጥ ማሸት፣ ልብስ መጭመቅና መሬት መደገፍ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆዩ። ክፍያዎ በሰፉት ልብስ ቁጥር ከሆነ ይህን ቀደም ብለው አስበው ቀኑን ይምረጡ።

ስለዚህ ለእርስዎ የምለው ይህ ነው። አይቆረጥ፤ አሁን አይቆረጥ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ ሦስቱ ፈተናዎች ከተስማሙ አልትራሳውንድ እንኳ የግድ አይደለም፣ ከጣት ጋር ከተንቀሳቀሰ ወይም ብርሃን ካላሳለፈ ግን ይደረግ። መታሸቱ ይቁም። መደገፊያውን ለሦስት ሳምንት፣ የአደጋገፍ ለውጡን ለሦስት ወር ይሞክሩ፣ በየወሩ ይለኩ። ሦስት ወር ቆይቶም ሊጥ ማሸትና መነሳት ካቃተዎት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ስቴሮይድ፣ በመርፌ ይመጠጥ። ተመልሶ ደግሞ ካመመዎት፣ ሪፈር አጽፈው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ የአጥንት ሐኪም ያማክሩ፤ ቀዶ ከተባለም ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ክንድ ላይ ማሰሪያ ተደርጎ እስከ ሥሩ ነው ወይ የሚወጣው፣ የወጣውስ ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል ወይ። ለሁለቱም «አዎ» ካልተባሉ ቀጠሮውን አይያዙ። ተመልሶ የማያም ከሆነ ግን ይተዉት፤ ሜትሩ ግን በየወሩ ይውጣ።